ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት የሚወሰን ውሳኔ
የአክሲዮን ግብይት ፕሮግራም በኩባንያዎች የሩብ ዓመት ሪፖርት ሰሞን መቼ ይቁም? እንዴትስ ይጠንቀቅ?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022፣ ረቡዕ ዕለት፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ አክሲዮን የቀኑን መደበኛ ግብይት በ323 ዶላር ዘጋ። ገበያው ከተዘጋ በኋላ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። የፌስቡክ የዕለት ተጠቃሚዎች ቁጥር ከቀደመው ሩብ ዓመት በጥቂቱ ቀንሶ ነበር። የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ገቢም ባለሀብቶች ከጠበቁት በታች እንደሚሆን ኩባንያው ራሱ ተናገረ። ሐሙስ ጠዋት ገበያው ሲከፈት የመጀመሪያው ዋጋ 244.65 ዶላር ነበር፤ ሲዘጋ ደግሞ 237.76። ከሩብ በላይ የሆነው የኩባንያው የገበያ ዋጋ፣ ማለትም ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ በአንድ ቀን ጠፋ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ስለ ሜታ ለማውራት አይደለም። በዚያች ሌሊት ባለቤታቸው ተኝቶ ሳለ በራሳቸው የሚሠሩ ብዙ የግብይት ፕሮግራሞች ነበሩ። ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከሥራ ገበታው ሳይለይ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ብዙ ነው፤ ወገኖቻችንም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። አንዳንዱ ራሱ የጻፈውን፣ አንዳንዱ ከሌላ ያገኘውን አነስተኛ ፕሮግራም ከብሮከሩ ጋር አገናኝቶ ይተወዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ዋጋው ከ20 ቀን አማካዩ በላይ ሲወጣ ግዛ፣ ከተገዛበት 5 በመቶ ሲወርድ ሽጥ። እንዲህ ያለው ደንብ በአብዛኛዎቹ ቀናት እንደታሰበው ይሠራል። በዓመት አራት ጊዜ፣ ኩባንያው ሪፖርት በሚያወጣበት ዕለት ግን፣ የተመሠረተበት ግምት ራሱ ይፈርሳል።

የመሸጫ ትዕዛዙ ለምን አልደረሰም?

ብዙ ሰው ስቶፕ ሎስ የሚባለውን ትዕዛዝ እንደ ዋስትና ያየዋል። ትዕዛዙ የሚለው “ዋጋው እዚህ ድረስ ከወረደ ሽጥልኝ” ነው እንጂ “በዚህ ዋጋ ሽጥልኝ” አይደለም። ዋጋው ከተወሰነው መስመር ላይ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ትዕዛዙ ይነቃና በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ዋጋ ሳንቲም በሳንቲም በሚወርድበት ቀን በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት የለም። ሪፖርቱ ግን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ወይም ከመከፈቱ በፊት ነው። በእነዚያ ሰዓታት የተለመደው ስቶፕ ሎስ አይሠራም። ዋጋው መስመሩን የሚሻገረው ትዕዛዙ ተኝቶ ባለበት ሰዓት ነው።

በቁጥር እንየው። 20,000 ዶላር ያለው አካውንት አለ እንበል። ደንቡ በአንድ ግዢ ከአካውንቱ 1 በመቶ፣ ማለትም ከ200 ዶላር በላይ እንዳይከስር ያዛል። ፕሮግራሙ ረቡዕ ዕለት ሜታን በ323 ዶላር ሊገዛ ነው። መሸጫው 5 በመቶ ዝቅ ብሎ 306.85 ዶላር ላይ ስለሆነ በአንድ አክሲዮን የሚጠበቀው ኪሳራ 16.15 ዶላር ነው። 200 ለ16.15 ሲካፈል 12 አክሲዮን ይሰጣል። በወረቀት ላይ ትልቁ ኪሳራ 194 ዶላር ገደማ ነው፤ ደንቡ ተከብሯል።

ሐሙስ ጠዋት ትዕዛዙ ነቃ፤ ያገኘው ዋጋ ግን የመክፈቻውን 244.65 ዶላር ነው። በአንድ አክሲዮን 78.35 ዶላር፣ በ12 አክሲዮን 940 ዶላር ከ20 ሳንቲም ኪሳራ ሆነ። ከታቀደው አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልብ በሉ፣ ፕሮግራሙ አንድም ስሕተት አልሠራም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የተሳሳተው በመሸጫው መስመርና በሚገኘው ዋጋ መካከል ምንም ዝላይ አይኖርም የሚለው ግምት ነው።

“ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጥ” የሚል ገደብ ያለው ትዕዛዝ ማስቀመጥም መፍትሔ አይሆንም። ዋጋው ገደቡን ዘልሎ ካለፈ ትዕዛዙ ጨርሶ አይፈጸምም፤ ባለቤቱም እየወረደ ያለውን አክሲዮን እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ከዝላይ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ምን ያህል አክሲዮን በእጅ እንደሚቆይ መወሰን ነው። ለሪፖርት ቀን የሚወጣ ደንብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ማጥበቅ ወይስ ጨርሶ መውጣት?

ደንቡ በሦስት ደረጃ ሊጠብቅ ይችላል። የመጀመሪያውና ቀላሉ አዲስ ግዢ መከልከል ነው። የተያዘው ይቀጥላል፤ አዲስ ግን አይጨመርም። ክልከላው ከስንት ቀን በፊት ይጀምር የሚለው የሚወሰነው ፕሮግራሙ አንድን አክሲዮን በአማካይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ታይቶ ነው። ገዝቶ አምስት የግብይት ቀን የሚያቆይ ከሆነ፣ ሪፖርቱ በሚቀጥሉት አምስት የግብይት ቀናት ውስጥ የሚወድቅበትን ኩባንያ ከመጀመሪያውም መግዛት የለበትም። አለበለዚያ ሰኞ የገዛውን ማክሰኞ ለመሸጥ ይገደዳል፤ የግዢና የሽያጭ ወጪውም ለከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው ደረጃ ይዞታን መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው “ግማሹን እሸጣለሁ” ይላል። ግማሽ ከሒሳብ የመጣ ቁጥር አይደለም። ትክክለኛው መንገድ በ5 በመቶው መሸጫ ፈንታ ሊመጣ በሚችለው ዝላይ ማስላት ነው። የዝላዩ መጠን ከየት ይገኛል? ከኩባንያው ካለፉት የሪፖርት ቀናት ነው። ከ2022 በፊት የሜታን ታሪክ ያየ ሰው ጁላይ 2018 ላይ ፌስቡክ በሪፖርቱ ማግስት 19 በመቶ መውረዱን ያገኛል። እንግዲህ ዝላዩን 20 በመቶ አድርገን እናስላ። የ323 ዶላር 20 በመቶ 64.60 ዶላር ነው፤ 200 ሲካፈልለት ሦስት አክሲዮን ይሆናል። በሦስት አክሲዮን የሐሙስ ጠዋቱ ኪሳራ 235 ዶላር ነበር። ከተወሰነው 200 ዶላር በጥቂቱ አልፏል፤ ምክንያቱም የ2022ቱ ዝላይ ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ የባሰ ነበር። ሆኖም 235 ዶላር እና 940 ዶላር አንድ አይደሉም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይታያል። ያለፈው ታሪክ የሚመጣውን ዝላይ ጣሪያ አያሳይም፤ እንደ መነሻ ግን ከማንኛውም ግምት ይሻላል። በሌላ በኩል፣ ከ2022 በኋላ የተቀመጠ ሰው “25 በመቶ ብዬ ባሰላ ኖሮ ሁለት አክሲዮን ብቻ እይዝ ነበር” ማለት ይችላል። ይህ ግን ውጤቱን ካዩ በኋላ ደንብ መጻፍ ነው፤ በዚያች ዕለት ለነበረ ሰው አይጠቅመውም።

ሦስተኛው ደረጃ ሁሉንም ሸጦ መውጣት ነው። ይህ የሚስማማው ትርፉን ከትንንሽ የዋጋ ውጣ ውረድ ለሚለቅም ፕሮግራም ነው። በአንድ ግዢ 2 በመቶ ለማትረፍ የተሠራ ፕሮግራም 20 በመቶ ሊዘል የሚችል ቀን ውስጥ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ለወራት የሚይዝ ፕሮግራም ግን በየሩብ ዓመቱ መውጣትና መግባቱ ወጪውንና ግብሩን ስለሚያበዛበት መቀነሱ ይሻለዋል።

ከመቼ እስከ መቼ?

የጥንቃቄው ጊዜ መቆጠር ያለበት በግብይት ቀን ነው። “ሦስት ቀን በፊት” የሚል ደንብ ሰኞ ለሚወጣ ሪፖርት ቅዳሜንና እሑድን ቆጥሮ ራሱን ባዶ ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓቱ ነው። ረቡዕ ጠዋት ገበያው ከመከፈቱ በፊት የወጣ ሪፖርት ዋጋውን የሚያናውጠው እዚያው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ከመዝጊያው በኋላ የወጣ ግን የሚያናውጠው ሐሙስን ነው። ከዚህ ተነሥቶ “ከመዝጊያ በኋላ ለሚወጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መቀነስ ይበቃል” የሚል አለ። ይበቃል ብዬ አላምንም፤ ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው የጉግል ነው። ኦክቶበር 18 ቀን 2012 የጉግል ሪፖርት ይጠበቅ የነበረው ከገበያው መዘጋት በኋላ ነበር። ሰነዱን የሚያዘጋጀው የኅትመት ኩባንያ ግን ገና እኩለ ቀን አለፍ እንዳለ አስቀድሞ ለመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላከው። በሰነዱ ላይ የኩባንያው መሪ ላሪ ፔጅ አስተያየት የሚገባበት ቦታ እንኳ ገና ክፍት ነበር። አክሲዮኑ 9 በመቶ ገደማ ወርዶ ግብይቱ እንዲቆም ተደረገ። ከመዝጊያው በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰዓት ሊሸጥ ያሰበ ፕሮግራም ያን ቀን ቀድሞት ያለፈ ነገር ነው ያገኘው።

ሁለተኛው የስናፕ ነው፤ እርሱም የሜታ ታሪክ ቀጣይ ነው። ስናፕ የራሱን ሪፖርት የሚያወጣው ሜታ በወደቀበት ሐሙስ፣ ከመዝጊያው በኋላ ነበር። ሁለቱም ከማስታወቂያ የሚኖሩ ስለሆኑ ባለሀብቱ የሜታን ችግር ለስናፕም አሰበለትና አክሲዮኑ የራሱ ሪፖርት ሳይወጣ በቀን 23.6 በመቶ ወረደ። ማታ ሪፖርቱ ሲወጣ ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሩብ ዓመት የተጣራ ትርፍ ማግኘቱ ታወቀ፤ ዓርብ ዕለት አክሲዮኑ ወደ 59 በመቶ ወጣ። የ5 በመቶ መሸጫ የነበረው ፕሮግራም ሐሙስ ዕለት በኪሳራ ተገፍትሮ ወጥቷል፤ ዓርብ ትርፉ ሲመጣ እዚያ አልነበረም። በሪፖርት ሰሞን የተለመደው መሸጫ በሁለት በኩል የሚጎዳው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ቀላሉ ደንብ የሚከተለው ነው። ሪፖርቱ ረቡዕ ከሆነ፣ በየትኛውም ሰዓት ይውጣ፣ ይዞታው ማክሰኞ ከመዝጊያው በፊት ይቀነሳል። ሪፖርቱ የወጣው ረቡዕ ጠዋት ከሆነ ፕሮግራሙ ሐሙስ ይመለሳል፤ የወጣው ከመዝጊያው በኋላ ከሆነ ዓርብ ይመለሳል። ሰዓቱ ካልታወቀ ሁለቱም አማራጮች በሚሸፍኑት ጊዜ ሁሉ፣ ከማክሰኞ መዝጊያ እስከ ዓርብ መክፈቻ፣ ጥንቃቄው ይጸናል።

ለመመለስ አንድ ሙሉ የግብይት ቀን መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 የታክሲ አገልግሎት ሰጪው ሊፍት ሪፖርቱን ከመዝጊያው በኋላ ሲያወጣ፣ የትርፍ ህዳጉ በመጪው ዓመት በ5 መቶኛ ነጥብ ይሰፋል የሚል ጽሑፍ ወጣ። አክሲዮኑ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ከ60 በመቶ በላይ ተተኮሰ። ጥቂት ቆይቶ የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ከባለሙያዎች ጋር በሚደረገው የስልክ ስብሰባ ላይ ትክክለኛው ቁጥር 0.5 መሆኑን አስታወቁ። የአንድ ዜሮ ስሕተት ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች የታየውን ዋጋ እንደ እውነት ቆጥሮ የገዛ ፕሮግራም ከፍታው ላይ ቀረ። የሪፖርቱ ጽሑፍ የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ጥያቄና መልሱ አለ፣ በማግስቱም የትልልቆቹ ባለሀብቶች ውሳኔ አለ።

ቀኑ ራሱ ሲሳሳት

ደንቡ ምንም ያህል ቢጠነክር የሚመካው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በሪፖርቱ ቀን። ቀኑ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይሳሳታል። ፕሮግራሞች የሚያነቡት የሪፖርት ካላንደር ሁለት ዓይነት ቀን ይይዛል። አንደኛው ኩባንያው ራሱ ያረጋገጠው ነው። ሌላው ካላንደሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች ካለፈው ዓመት ተነሥተው የገመቱት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓምድ፣ በአንድ መልክ ስለሚቀመጡ ፕሮግራሙ ሁለቱንም እኩል ያምናል። መደረግ ያለበት መለየት ነው። ለተረጋገጠው ቀን ከላይ ያልነው ጠባብ ጊዜ ይበቃል። ለተገመተው ግን ኩባንያው እስኪያረጋግጥ ድረስ ከፊትም ከኋላም አምስት የግብይት ቀን አዲስ ግዢ ይከልከል። ፕሮግራሙ ካላንደሩን በየቀኑ አዲስ ያንብብ፤ የትናንቱና የዛሬው ቀን ከተለያየም ለባለቤቱ መልእክት ይላክ።

ከተሳሳተ ቀን የሚብሰው የሌለ ቀን ነው። መረጃው ባዶ ሆኖ ሲመጣ ብዙ ፕሮግራም “ሪፖርት የለም” ብሎ ይተረጉመውና እንደተለመደው ይገዛል። ትርጉሙ ግን “አላውቅም” ነው፤ ለማያውቁት ቀን የሚገባው ደግሞ ጥብቁ ደንብ ነው። ልዩነት ሊደረግላቸው የሚገባው የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ለሚይዙት ፈንዶች ብቻ ነው፤ እነርሱ የሩብ ዓመት ትርፍ ስለማያሳውቁ በስም ተለይተው በሌላ ዝርዝር ይቀመጡ። ከኩባንያዎች መካከል ግን ካለፈው ሪፖርቱ 100 ቀን አልፎ አዲስ ቀን ያልታየለት ካለ፣ ሰው ገብቶ ይመልከተው።

ሌላው የመለያ ምልክቱ ጉዳይ ነው። ሜታ ያን ዕለት በገበያው ላይ ይታወቅ የነበረው FB በሚል ምልክት ነበር፤ META የሆነው ጁን 9 ቀን 2022 ነው። የያዙት አክሲዮን በአንድ ምልክት፣ ካላንደሩ በሌላ ምልክት ከተጻፈ ፕሮግራሙ ሁለቱን አያገናኛቸውም፤ ውጤቱም ያው ባዶ መረጃ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ለምንኖር ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካ ገበያ የሚዘጋው በኒው ዮርክ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በኮምፒውተሩ አጻጻፍ 16:00 ነው። በክረምታቸው ወራት ያ ሰዓት በአዲስ አበባና በሪያድ እኩለ ሌሊት ነው። ከመዝጊያው አምስት ደቂቃ በኋላ የወጣ የረቡዕ ሪፖርት እኛ ዘንድ ሐሙስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሆናል። በዱባይ ከዚያም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ኮምፒውተሩ በሚኖርበት አገር ሰዓት ከቆጠረ የረቡዕን ሪፖርት ሐሙስ ብሎ ይመዘግባል፤ ጥንቃቄውንም አንድ ቀን አዘግይቶ ይጀምራል። በበጋቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ መዝጊያው ወደ ምሽቱ 5 ሰዓት ስለሚመጣ ስሕተቱ ለወራት ይጠፋና እንደገና ብቅ ይላል፤ ስለዚህም ለማግኘት ያስቸግራል። መፍትሔው አጭር ነው፦ የፕሮግራሙ ቀንና ሰዓት ሁሉ በኒው ዮርክ ይቆጠር፤ በኮምፒውተር ስሙ `America/New_York` ነው።

“ቁም” ሲባል ምን ይቆማል?

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው “ማቆም” የሚለውን በጅምላ በመተርጎም ነው። ፕሮግራሙን መዝጋት ግዢውን ብቻ አያቆምም፤ መሸጡንም ያቆማል። አክሲዮን እንደያዘ የተዘጋ ፕሮግራም በሪፖርቱ ማግስት ምንም አያደርግም። በተቃራኒው ደግሞ፣ ቀደም ብሎ ወደ ብሮከሩ የተላከና “እስክሰርዘው ይቆይ” የተባለ ትዕዛዝ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ብሮከሩ ዘንድ ሕያው ነው። አክሲዮኑ 15 በመቶ ሲወድቅ “ረከሰልህ” ብሎ ይገዛል። ባለቤቱ ፕሮግራሙን አቁሜዋለሁ ብሎ ሳለ አዲስ ግዢ ሲያይ ግራ ይጋባል።

ስለዚህ የጥንቃቄው ጊዜ ሲገባ ሥራው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ በዚያ አክሲዮን ስም ብሮከሩ ዘንድ ያሉት የግዢ ትዕዛዞች ሁሉ ይሰረዙ። ከዚያ ይዞታው በተሰላው መጠን ይቀነስ፤ ለቀረው አክሲዮን ብዛት የሚመጥን መሸጫም እንደገና ይቀመጥ። የድሮው የ12 አክሲዮን መሸጫ ሳይሰረዝ ሦስት አክሲዮን ብቻ ከቀረ፣ ትዕዛዙ ውድቅ ሊሆን ወይም የሌለ አክሲዮን ሸጦ ዕዳ ሊያስገባ ይችላል። በመጨረሻም ፕሮግራሙ የብሮከሩን መዝገብ ራሱ አንብቦ በእጅ ያለው በእርግጥ ሦስት መሆኑን ያረጋግጥ። “ላክሁ” እና “ተፈጸመ” የተለያዩ ናቸው።

ዋጋውና ፈተናው

ጥንቃቄ በነጻ አይገኝም። ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳገኙት አክሲዮኖች በሪፖርት ሰሞን የሚያስገኙት አማካይ ትርፍ ከሌላው ጊዜ ከፍ ይላል። ሁልጊዜ የሚወጣ ፕሮግራም የስናፕን ዓይነት ዓርብም አብሮ ይተዋል። በሌላ በኩል በዓመት ካሉት 252 ገደማ የግብይት ቀናት ከአንድ ኩባንያ የሚቀርበት ስምንት ቀን ያህል ነው፤ ተቀንሶ መቆየቱ ደግሞ ከፊሉን ትርፍ ይጠብቃል።

ለራስ ፕሮግራም የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ካለፉት ግዢዎች ነው። መዝገቡን አውጥቶ፣ ኪሳራቸው ከታቀደው አንድ ተኩል እጥፍ ያለፉትን ግዢዎች ለብቻ መለየትና ከእያንዳንዳቸው ጎን የኩባንያውን የሪፖርት ቀን መጻፍ ነው። አብዛኞቹ ከሪፖርት ቀን ጋር ከተገናኙ ደንቡ ያስፈልጋል፤ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበትም ኪሳራው ራሱ ይናገራል። ካልተገናኙ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ የሪፖርት ደንብም አይፈታውም። ደንቡን ባለፉት ዓመታት ዋጋ ላይ የሚሞክር ሰው ደግሞ አንድ ነገር አይዘንጋ። የታሪክ መዝገብ የሚያሳየው ሪፖርቱ በእርግጥ የወጣበትን ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ፕሮግራሙ ያውቀው የነበረው ምናልባት የተገመተውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሙከራው ከእውነተኛው ሥራ ይልቅ ያማረ ውጤት ያሳያል። ይህን ለማረም ቀኑን ሆን ብሎ በሁለትና በሦስት የግብይት ቀን እያዛቡ እንደገና መሞከር ይገባል። ቀኑ ሲዛባ የሚፈርስ ደንብ የሚመጣውን የሪፖርት ሰሞን አይችልም፤ ቀኑ ተዛብቶም ኪሳራውን ከተወሰነው መጠን አጠገብ የሚይዝ ከሆነ ግን ገንዘብ ሊታመንበት ይችላል።